ቲቪ ስታንዱ በፎቶው ላይ ስንት ሜትር ነው? ኤአይ የሠራው ምስልና የሚመጣው ዕቃ

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የቤት ዕቃ የሚሸጡ ቻናሎችን የሚከታተል ሰው ለውጡን ሳያየው አይቀርም። ቀድሞ ፎቶው እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ በስልክ የተነሳ ነበር። ከሶፋው ጀርባ የተደረደረ ጣውላ ይታያል፤ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ አለ። አሁን ያው ሶፋ ትልቅ መስኮት ያለው ሳሎን ውስጥ፣ ከሥሩ ምንጣፍ ተነጥፎለት፣ የከሰዓት ፀሐይ እያረፈበት ይታያል። ሳሎኑ የትም የለም። ኤአይ የሠራው ነው።

ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ስቱዲዮ ለመከራየት አቅም የሌለው አነስተኛ ወርክሾፕ ዕቃውን አሳምሮ ማሳየት መብቱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ምስሉ ሳሎኑን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ሲነካው ነው። መሳቢያ ይጨምራል፤ እግር ያቀጥናል፤ ላሚኔቱን እንጨት ያስመስለዋል። ሻጩ ይህን አስቦ ላያደርገው ይችላል። ብዙ ጊዜ አያየውምም። ገዢው ግን ቀብድ የሚከፍለው ባየው ነገር ላይ ነው።

ነገሩን በአንድ ዕቃ ላይ ብናየው ይገባናል። 160 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ጥልቀት፣ 45 ከፍታ ያለው ቲቪ ስታንድ እንውሰድ። የተሠራው ከ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ነው። ላዩ የእንጨት መልክ ያለው ማት ላሚኔት ነው፤ አያንጸባርቅም። ሦስት መሳቢያ አለው። የመሳቢያዎቹ ስላይድ ተራው ነው፤ ሲዘጋ ቀስ ብሎ የሚገባው ዓይነት አይደለም። እግሮቹ አጫጭር ፕላስቲክ ናቸው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። የወርክሾፑ ልጅ በስልኩ ፎቶ አነሳውና ለአንድ የምስል መሣሪያ ሰጠው። «ዘመናዊ ሳሎን ውስጥ አስቀምጥልኝ» ብሎ ጻፈለት።

መሣሪያው ዕቃውን አያውቀውም

ምስል የሚፈጥሩት ሞዴሎች ሜትር የላቸውም። የተማሩት ከብዙ ሚሊዮን ምስሎች ነው። «ቲቪ ስታንድ» ሲባሉ የሚሠሩት፣ ካዩዋቸው ቲቪ ስታንዶች ሁሉ በጣም የሚቀርበውን መልክ ነው። ካዩት ውስጥ ብዙው ደግሞ የካታሎግ ፎቶ ነው። ስለዚህ የሚያዳሉት ወደ ካታሎጉ ነው፦ ወደ ቀጭን የብረት እግር፣ ወደ ተፈጥሮ እንጨት፣ ወደሚያብረቀርቅ ገጽ።

የእኛ ስታንድ ላይ ምን እንደሚደርስ በዝርዝር ላሳያችሁ። መሣሪያው ሙሉውን ምስል እንደ አዲስ የሚሥል ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው የጠርዙ መስመር ነው። ላሚኔት ኤምዲኤፍ ጠርዙ ላይ ቀጭን ማሸጊያ ይለጠፍበታል። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስስ መስመር አለ። ሞዴሉ ይህን መስመር እንደ እንከን ያጠፋዋል። በቦታው የእንጨቱ መስመሮች ከላይኛው ገጽ ወደ ጎን ሳይቋረጡ ይወርዳሉ። እንጨት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ወይ ድፍን እንጨት ነው፣ ወይ በጥሩ እጅ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ የተገጠመ ነው። የዋጋው ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ቀጥሎ መሳቢያዎቹን እዩ። በእውነተኛው ዕቃ ላይ ሦስቱ መሳቢያዎች በተቆረጡበት ቦርድ ልክ የተለያየ መስመር ይዘዋል። በምስሉ ላይ የእንጨቱ መስመር ከአንዱ መሳቢያ ወደ ሌላው ይቀጥላል። ይህ በእውነተኛ እንጨት ሥራ ዘንድ የታወቀ ጥበብ ነው። ሦስቱም ፊቶች ከአንድ ሳንቃ በተከታታይ ተቆርጠው መገጠም አለባቸው። ወርክሾፑ ያንን አላደረገም፤ አደርጋለሁም አላለም። ምስሉ ግን አድርጓል አለ።

ገጹ ደግሞ አለ። ማት ላሚኔት ብርሃን ሲያርፍበት ሰፊና ደብዛዛ ንጣት ነው የሚታይበት። ግሎሲ ገጽ ላይ ግን የመስኮቱ ቅርጽ ጠርዙ ሳይቀር ይታያል። አንድን ምስል ለመፈተሽ ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም። የላይኛውን ገጽ አጉሉትና የመስኮቱን ወይም የአምፖሉን ነጸብራቅ ፈልጉ። ቅርጹ ጥርት ብሎ ከታየ ምስሉ ለገዢው ግሎሲ ዕቃ እያሳየ ነው። ዕቃው ማት ከሆነ ያ ምስል መለጠፍ የለበትም።

«እንግዲያውስ ዕቃውን ቆርጬ አወጣዋለሁ፤ ጀርባውን ብቻ ይሥራልኝ» የሚል ሻጭ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነው። ግን እዚህም ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ መሣሪያው ጀርባውን ሲሞላ ዕቃውን ያራዝመዋል። ስታንዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ባዶ ነው። ሞዴሉ ያንን ባዶ ሲሞላ «ይህ ገና አላለቀም» ብሎ የወሰነ ይመስል አንድ ክፍል ወይም አንድ እግር ይጨምራል። የእኛ 160 ሴንቲ ሜትር ስታንድ ጎኑ ላይ ክፍት መደርደሪያ በቀላሉ ሊበቅልበት ይችላል። ሁለተኛው ስውር ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች «አትንካ» የተባሉትን ቦታ ሳይቀር ምስሉን ጨምቀው መልሰው ይዘረጉታል። በዚህ መሃል ጥቃቅኑ ነገር ይለወጣል። የእጀታው ቅርጽ፣ የጨርቁ ሽመና፣ የክሩ ስፌት እዚያ ላይ ነው የሚጠፋው።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ጀርባው ከተሠራ በኋላ የመጀመሪያውን የስልክ ፎቶ፣ ማለትም ተቆርጦ የወጣውን ዕቃ፣ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ መለጠፍ ነው። ገዢው የሚያየው ዕቃ ካሜራው ያየው ይሆናል፤ ኤአይ የሠራው አካባቢውን ብቻ ይሆናል። ከዚያ ሁለቱን ምስሎች በስልክ ላይ አከታትሎ ወዲያና ወዲህ ማገላበጥ ነው። ዓይን በዚህ መልክ የተንቀሳቀሰ ነገርን ቶሎ ይይዛል። እጀታ ከዘለለ፣ እግር ከቀጠነ፣ መስመር ከጠፋ ወዲያው ይታያል።

ጀርባውም ቃል ይገባል

ብዙ ሻጮች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ሳይነካ፣ ጀርባው ብቻውን ስለ መጠን ውሸት ሊናገር ይችላል።

በምስሉ ላይ ከስታንዱ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አለ እንበል። ገዢዋ የሲኤምሲ ወይም የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ናት፤ ቤቷ 55 ኢንች ቲቪ አላት። 55 ኢንች ስክሪን ወርዱ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በምስሉ ላይ ቲቪውን ስትለካው 600 ፒክስል፣ ስታንዱን ስትለካው 1150 ፒክስል ሆነ። ስታንዱ ከቲቪው ሁለት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የቤቷን ቲቪ በዓይነ ሕሊናዋ እዚያ ካስቀመጠች፣ ስታንዱ 234 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ስታንዱ ከግድግዳው ወደ ፊት የወጣ ስለሆነ ለካሜራው ይቀርባል፤ ስለዚህ ከእውነቱ ትንሽ ጎላ ብሎ መታየቱ ልክ ነው። ለዚያ 10 በመቶ ያህል ብንቀንስለት እንኳ ከ210 አይወርድም። የሚመጣላት 160 ነው።

ወይም በሌላ በኩል እንየው። ስታንዱ እውነት 160 ከሆነ፣ ያንኑ 10 በመቶ ቀንሰን ስናሰላ በምስሉ ላይ ያለው ቲቪ 42 ኢንች አካባቢ ነው። ያን የመሰለ ሳሎን አይቶ ቲቪውን 42 ኢንች ነው ብሎ የሚያስብ ገዢ የለም።

ሻጩ «መጠኑን ከሥር ጽፌያለሁ» ሊል ይችላል። ጽፎ ከሆነ ጥሩ ነው፤ መጻፍም አለበት። ግን ሰው 160 የሚለውን ቁጥር ወደ ዓይኑ የሚመልሰው በምስሉ ነው። ቁጥሩና ምስሉ ሲጣሉ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉ ያሸንፋል። በተለይ አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆና አዲስ አበባ ላሉት ወላጆቿ ሳሎን የምታሟላ ልጅ ሄዳ አትዳስሰውም። ሌላ የምትይዘው ነገር የላትም።

ስለዚህ ለጀርባው የምመክረው አሰልቺ የሆነውን ነው፦ ባዶ ግድግዳ፣ ባዶ ወለል። ቲቪ፣ ወንበር፣ በር፣ ሰው፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ እነዚህ ሁሉ ሰው መጠናቸውን የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው። ኤአይ ሲሠራቸው መጠናቸውን አያውቅም። ሴራሚክም ቢሆን ይናገራል። 60 በ60 የሆነ ሴራሚክ ወለል ላይ 160 ሴንቲ ሜትር ዕቃ ሦስት ሙሉ ሴራሚክ መሸፈን የለበትም። አራት ከሸፈነ ምስሉ ተበላሽቷል። ቲቪ የግድ ይግባ ከተባለ፣ እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ እውነተኛ ቲቪ፣ ካልተገኘም በቲቪው ልክ የተቆረጠ ካርቶን አቁሞ ማንሳት ይቻላል። ያ ከፎቶው ጋር ሳይነካ ይቆያል፤ የተቀረው ይሠራ።

«ለማሳያ ነው» ማለት ይበቃል?

አሁን በየቻናሉ «ምስሉ ለማሳያ ነው» ወይም «በኤአይ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ሆኗል። ከዝምታ ይሻላል። ግን ገዢዋ ማወቅ የፈለገችው ምስሉ በምን እንደተሠራ አይደለም። ስታንዱ ማት ነው ወይስ ግሎሲ የሚለውን ነው። ጽሑፉ ለዚህ መልስ አይሰጥም።

በዚህ ጉዳይ የቆየ ክርክር አለ። አሜሪካ ውስጥ ኮልጌት ፓልሞሊቭ የተባለው ኩባንያ የጢም መላጫ ክሬሙን በቴሌቪዥን ሲያስተዋውቅ፣ ክሬሙ የአሸዋ ወረቀትን ሳይቀር አለስልሶ ወዲያው እንደሚያስላጭ አሳየ። በቪዲዮው ላይ የታየው ግን የአሸዋ ወረቀት አልነበረም። አሸዋ የተነሰነሰበት ፕላስቲክ ነበር። እውነተኛው ወረቀት እንዲላጭ 80 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ ነበረበት። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰና እ.ኤ.አ. በ1965 ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያው አሳሳች ነው አለ።

እኔን የሚስበኝ ፍርድ ቤቱ ያበጀው ልዩነት ነው። ያኔ የስቱዲዮ መብራት አይስክሬም ስለሚያቀልጥ በቦታው የተፈጨ ድንች ይቀረጽ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን ከአሸዋ ወረቀቱ ለየው። ድንቹ የአይስክሬሙን ጥራት እንዲመሰክር የቆመ አይደለም። ሰው አይስክሬም ሲበላ የሚያሳይ ትዕይንት ውስጥ በምትክነት የገባ ነው። ተመልካቹ «በዓይንህ አይተህ አረጋግጥ» የተባለበት ነገር ሲሆን ግን ምትክ ማስገባት ማታለል ነው።

ይህን ወደ ስታንዳችን ስናመጣው መስመሩ ግልጽ ይሆናል። የመስኮቱ ብርሃን፣ የግድግዳው ቀለም፣ ማሰሮ ውስጥ ያለው አበባ፣ እነዚህ ድንቹ ናቸው። የገጹ ነጸብራቅ፣ የመሳቢያው ብዛት፣ የእግሩ ዓይነት፣ ከቲቪው አንፃር ያለው ርዝመት ግን ገዢዋ አይታ የምትወስንባቸው ናቸው። እነዚህን ኤአይ መንካት የለበትም፤ «ለማሳያ» የሚል ጽሑፍም አያድናቸውም።

የአገራችን ሕግም ለዚህ ባዳ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሁለቱም ኤአይ ሳይስፋፋ የወጡ ናቸው። ምስሉ በብሩሽ ይሣል በማሽን፣ ጥያቄው ያው ነው፦ የተላለፈው መረጃ ትክክል ነው ወይ?

ገና ያልተሠራ ዕቃስ?

እዚህ ላይ የኛ ገበያ የራሱ ባሕርይ አለው። ብዙው የቤት ዕቃ በትእዛዝ ነው የሚሠራው። ፎቶ የሚነሳ ዕቃ ገና የለም። ታዲያ ሻጩ ምን ያሳይ?

የስዊድኑ የቤት ዕቃ ኩባንያ ኢኬያ ይህን ጥያቄ ከኤአይ በፊት መልሶታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በርቲል የተባለች የእንጨት ወንበር በኮምፒውተር ተሠርታ ካታሎግ ገባች። በ2014 ከኩባንያው የምርት ምስሎች ሦስት አራተኛው ያህል የኮምፒውተር ሥራ እንደነበሩ ተነግሯል። ነገር ግን የዚያ ዓይነት ምስል የሚነሳው ልኩ ከታወቀ የሦስት ዳይሜንሽን ሞዴል ነው። 160 ከተባለ 160 ነው። ምስሉን የሠራው ሰው ዕቃውን ማስረዘም ቢፈልግ ቁጥሩን ራሱ ገብቶ መለወጥ አለበት።

የኛም ወርክሾፖች ይህን መንገድ ያውቁታል። ስኬችአፕ በተባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ የሚሥል ዲዛይነር ያላቸው ጥቂት አይደሉም። የቦርዱን መቁረጫ ዝርዝር የሚያወጡትም ከዚያው ሥዕል ነው። ይህ በልኬት ረገድ ታማኝ ምስል ነው። ሊያሳስት የሚችለው በገጹ ነው፤ ዲዛይነሩ በአንድ ክሊክ ዋንዛ ሊያለብሰው ይችላልና። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ የሚለበሰው ገጽ ወርክሾፑ ውስጥ ካለው የላሚኔት ናሙና በስልክ የተነሳ ፎቶ ይሁን። ከኢንተርኔት የወረደ የእንጨት ምስል አይሁን።

አሁን የማየው አዲስ ልማድ ግን ያሳስበኛል። ዲዛይነሩ በልኩ የሣለውን ወስዶ «እውነተኛ ፎቶ አስመስልልኝ» ብሎ ለኤአይ ይሰጠዋል። ምስሉ በእርግጥ ያምራል። ግን በልኩ የነበረው ሁሉ እንደገና ግምት ሆነ። የመደርደሪያው ክፍተት 32 የነበረው 40 ይመስላል። 18 ሚሊ ሜትር የነበረው ቦርድ ወይ ወፍሮ ወይ ቀጥኖ ይወጣል። ያ ሥዕል ከመቁረጫ ዝርዝሩ ጋር ዝምድናው እዚያ ላይ አበቃ። ለደንበኛ የሚላከው የመጀመሪያው መሆን አለበት፤ ልኩ ሥዕሉ ላይ ተጽፎ፣ «ዲዛይን ነው፣ ገና አልተሠራም» ተብሎ።

ምስሉ ከመለጠፉ በፊት ማን ይየው ለሚለው መልሴ አናጺው ነው። ቻናሉን የሚያስተዳድረው ልጅ ዓይኑ ያለው ውበቱ ላይ ነው። አናጺው ግን ምስሉን እንደ ትእዛዝ ነው የሚያነበው። ስልኩን ስጡትና «ይህን ሥራልኝ ብትባል ምን ትሠራለህ?» በሉት። ይቆጥራል። «አራት መሳቢያ፣ የብረት እግር፣ ይህ ጠርዝ በ45 የተቆረጠ ነው፣ ይህ ገጽ ቫርኒሽ የተቀባ ድፍን እንጨት ነው» ይላል። የቆጠረው ነገር ወርክሾፑ በዚያ ዋጋ ከሚያስረክበው ጋር ካልገጠመ ምስሉ ይቀራል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ለገዢ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቪዲዮ ጠይቁ፤ ሜትር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶበት፣ አንድ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ጠርዙ በቅርብ እየታየ። ትእዛዝ ከሆነ ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው የተሠራውን ያሳዩዋችሁ። ፎቶው ውስጥ ተቀብሮ በምን እንደተሠራ የሚናገር መለያ ይኖራል ብላችሁ አትታመኑ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲላክ ያ መረጃ አብሮ አይመጣም።

የመጨረሻው ጉዳይ ጊዜ ነው። የላሚኔት ቦርድና የስላይድ ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። መስከረም ላይ የነበረው ቀለም ጥር ላይ ከገበያ ይጠፋል፤ አስመጪው የሚቀርበውን ያመጣል። ወርክሾፑ በተገኘው ይሠራል፤ ቻናሉ ላይ ያለው ምስል ግን የመስከረሙ ነው። ይህ ምስል ሲለጠፍ እውነት ነበር። እያንዳንዱ ምስል የተነሳበት ወርና የቦርዱ ኮድ ተጽፎበት ቢለጠፍ፣ ቦርዱ በተለወጠ ቀን የትኛው ምስል መውረድ እንዳለበት ፈልጎ ማግኘት ቀላል ይሆናል።